ከኢስቲኻራ በኋላ የታየ ሕልም

አንዲት ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች እንበል። ጠያቂው ሪያድ የሚሠራ የደሴ ልጅ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቤተሰብም መልስ ይጠበቅበታል። ልጅቱ ከዒሻ ሶላት በኋላ ሁለት ረከዓ ሰግዳ፣ የኢስቲኻራን ዱዓ አድርጋ ተኛች። ሌሊት ጥቁር ጎርፍ ሲወስዳት አየች። ጠዋት ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለአክስቷ፤ ምሳ ሳይደርስ ነገሩ "አላህ አልፈቀደውም" ተብሎ ሊዘጋ ሆነ።

ይህች ልጅ የሰገደችው ሶላት ሕልም እንዲታይበት የተደነገገ አይደለም። ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ ያስተላለፉትና ቡኻሪ የመዘገቡት ሐዲስ ነገሩን በግልጽ ያስቀምጠዋል። አንድ ሰው አንድን ጉዳይ ሲያስብ ከግዴታው ሶላት ውጭ ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ ከዚያ ዱዓውን ያደርጋል። በዱዓው አላህ ዐዋቂ፣ እሱ ግን የማያውቅ መሆኑን ይናገራል፤ ጉዳዩ ለሃይማኖቱ፣ ለኑሮውና ለመጨረሻው መልካም ከሆነ እንዲወሰንለት፣ እንዲገራለትና እንዲባረክለት ይለምናል። ክፉ ከሆነ ደግሞ ነገሩን ከሱ፣ እሱንም ከነገሩ እንዲያርቅለት፣ መልካሙን ካለበት እንዲሰጠውና በዚያ እንዲያስደስተው ይጠይቃል። ጉዳዩንም በስሙ ይጠራል። በሐዲሱ ውስጥ ሕልም የሚል ነገር የለም፤ መተኛትም የለም፤ ነጭና አረንጓዴ ደግ፣ ጥቁርና ቀይ ክፉ ነው የሚል የቀለም ፍቺም የለም። ሶላቱን ቀን ላይ መስገድም ይቻላል፤ ከሱብሒ በኋላ ፀሐይ እስክትወጣ፣ ከዐስር በኋላ እስክትጠልቅ ያሉትን የመሰሉ ሱና የማይሰገድባቸውን ሰዓቶች ግን ብዙ ዑለማዎች ያስቀራሉ። በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ዱዓውን ብቻ ታደርጋለች።

ታዲያ መልሱ በምን ይታወቃል? ልመናው ራሱ ይጠቁማል፤ የተለመነው "ግራልኝ" ወይም "አርቅልኝ" ነውና። ሰውየው ጉዳዩን መርምሮ፣ የሚያውቁ ሰዎችን አማክሮ ይጀምራል፤ ከዚያ መንገዱ ሲቀና ወይም ሲዘጋ ያያል። ኢማም ነወዊ ከኢስቲኻራ በኋላ ልብ የረጋበትን መያዝ ይገባል ብለዋል። ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አክለዋል፦ ከሶላቱ በፊት በልብ ውስጥ የነበረ ብርቱ ምኞት የኢስቲኻራ መልስ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ይህ ማስጠንቀቂያ ለሕልምም ይሠራል ባይ ነኝ፤ ሲመኙት ወይም ሲፈሩት የዋሉትን ነገር ሌሊት ማየት የተለመደ ነውና።

ስለ ሕልም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ዓይነት ለይተው አስተምረዋል፦ ከአላህ የሆነ ብስራት፣ ሰይጣን የሚያሳዝንበት፣ ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገር የዋለው። የልጅቱን ጎርፍ እዚህ ላይ እንመዝነው። ሕልሙ አስፈሪ ነው፤ ስለዚህ ብስራት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስለ ስደትና ስለ መለየት ስትጨነቅ ከዋለች፣ የራሷ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያ ካልሆነም፣ ለሚያስፈራ ሕልም የተሰጠው ትምህርት የታወቀ ነው፤ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ እፍ ማለት፣ ከሰይጣን በአላህ መጠበቅ፣ ጎንን መቀየር፣ ለማንም አለመናገር፤ ያኔ አይጎዳም። በዚያ ቤት የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊዋጥ የሚገባው ሕልም ተነገረ፣ ተዳረሰ፣ ፍርድም ተሰጠበት። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ደህና ሰው እንዲህ ባለ ምክንያት ሲመለስ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለምና።

ሕልሙ ያማረ ቢሆንስ? አመስግና ለምትወደው ሰው ትነግራለች፤ ምርመራው ግን አይቀርም። ሰውየው ሪያድ ሌላ ሚስት እንዳለው ቢሰማ፣ አረንጓዴ መስክ አይቻለሁ ማለት ጉዳዩን ከማጣራት አያድናትም። ሕልም ሐራምን ሐላል አያደርግም፤ በዓይን የታየን እውነትም አይሽርም።

ስለዚህ የጎርፉ ሌሊት የጠየቀችውን ልጅ ገና የሚጠብቃት ሥራ አለ። ስለ ሰውየው ሶላት፣ ጠባይና ዕዳ አብረውት የሠሩትን ታስጠይቅ፤ ከጋብቻ በኋላ የት እንደሚኖሩ በግልጽ ይነገራት። እነዚህ መልሶች ከጥሩ ወደ ጥሩ ከሄዱ፣ መህሩና ቀኑም ሳያስቸግር ከተስማማ፣ ገርቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ መሸፋፈን ካመጣ ደግሞ መራቅ የተጠየቀው ለዚህ ነበር። አሁንም ልቧ ካመነታ ሶላቱን መድገም ትችላለች። ሰባት ጊዜ ይደገም የሚለው ዘገባ ግን ሰነዱ በጣም ደካማ መሆኑን ኢብን ሐጀር ገልጸዋል፤ ሰባት ሌሊት እስኪሞላ ሽማግሌ ማስጠበቅ አይገባትም።