ራስን ማጥፋት እንዴት ይጠና? ፖዘቲቪዝምና ኢንተርፕረቲቪዝም

ፖዘቲቪዝም የኅብረተሰብ ሕይወትም እንደ ተፈጥሮ ከተመራማሪው ውጭ ያለና ሊለካ የሚችል ነገር ነው ይላል። ኢንተርፕረቲቪዝም በበኩሉ ሰው ለሚያደርገው ነገር ትርጉም ስለሚሰጥ፣ ትርጉሙን ያልተረዳ ድርጊቱንም አያውቀውም ባይ ነው። ጉዳዩ የፈላስፎች ጭቅጭቅ ቢመስልም፣ ተመራማሪው ምን እንደሚጠይቅና መልሱን የት እንደሚፈልግ ይወስናል። ራስን ማጥፋት ላይ የተደረጉት ጥናቶች ይህን በግልጽ ያሳያሉ።

ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ እከሌ ለምን ራሱን አጠፋ ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው፣ ራስን የማጥፋት መጠን በየአገሩ ከዓመት ዓመት ብዙም ሳይለዋወጥ ከአገር አገርና ከሃይማኖት ሃይማኖት ለምን እንደሚለያይ ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመለሰው በቁጥር ነው። ስለዚህ የመንግሥታትን ስታቲስቲክስ ሰብስቦ ፕሮቴስታንቶችን ከካቶሊኮች፣ ያላገቡትን ካገቡት አነጻጸረ። መጠኑ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ ከፍ ብሎ ታየው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ድርጊቱን ስለሚያወግዙ፣ ልዩነቱ ከትምህርታቸው ሳይሆን ምእመናንን እርስ በርስ ከማስተሳሰር አቅማቸው የመጣ ነው አለ። የሟቾቹ ሐሳብ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጃክ ዳግላስ ጥያቄውን ወደ ቁጥሩ ራሱ መለሰው። አንድን ሞት «ራስን ማጥፋት» ብሎ የሚመዘግበው ማን ነው? ድርጊቱ እንደ ከባድ ነውር በሚታይበት አካባቢ ቤተሰብ አደጋ ነው ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ቤተሰቡና ጎረቤቱ በተሳሰረ ቁጥር ደግሞ ገመና መሸፈኑ ይቀላል። ይህ ሐሳብ ዱርኬምን ክፉኛ ይነካዋል፤ መተሳሰር የቀነሰው ሞቱን ይሁን ምዝገባውን ከሠንጠረዡ መለየት አይቻልምና።

እንግሊዛዊው ማክስዌል አትኪንሰን ከዚህ ተነሥቶ ያጠናው ሟቾቹን ሳይሆን የአሟሟት መርማሪ ሹሞችን ነበር። እዚህ ላይ መጠይቅ በትኖ ቁጥር መደመር አይጠቅምም፤ ሹሞቹን ማነጋገር፣ ሥራቸውን መከታተል፣ መዝገባቸውን ማንበብ ያስፈልጋል። ሹሞቹ የሚመለከቱት ሟቹ ደብዳቤ ትቶ እንደሆነ፣ የሞተበትን ሁኔታና ቦታ፣ የኋላ ታሪኩንም ነበር። ወንዝ ውስጥ የተገኘ ሰው ብቸኛና ትካዜ የበዛበት ከነበረ ወደ ራስን ማጥፋት ያደላሉ፤ ደስተኛ የቤተሰብ አባት ከነበረ ወደ አደጋ። ከዚያ ተመራማሪ መጥቶ ከመዝገቡ «ብቸኝነት ራስን ለማጥፋት ይዳርጋል» ብሎ ቢደመድም፣ ያገኘው የሹሙን ግምት ሊሆን ይችላል።

ይህ አካሄድም ጉድለት አለው። ሹሙ እንዴት እንደሚወስን ያሳያል እንጂ ብቸኛ ሰው በእርግጥ የበለጠ አደጋ ላይ መሆን አለመሆኑን አይነግርም፤ ለዚያ ተመልሶ መለካት ግድ ነው። አትኪንሰን ራሱ ከሌሎች ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተመሳሳይ የሞት መዝገቦች ለእንግሊዝና ለዴንማርክ ሹሞች ቀርበው ውሳኔያቸው ተቆጠረ። ዴንማርኮቹ ብዙ ጊዜ «ራስን ማጥፋት» አሉ። በእነሱ ዘንድ የሚያመዝነው ግምት ሲበቃ፣ እንግሊዞቹ ግን ሟቹ ሆን ብሎ ማድረጉ እንዲረጋገጥ ይሹ ነበር።