ለፋሲካ በግ የሚሰጥ ዋጋና ከበዓል በኋላ ያሉት ሳምንቶች

የፋሲካ ሰሞን ሲቃረብ ከደሴ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኩታበር ገበያ የበጉ ጩኸትና የደላላው ድምፅ ይደባለቃል። ነጋዴው የበጉን ጀርባ እየዳሰሰ ዋጋ ይጠራል፤ ባለበጉም አንገቱን ይነቀንቃል። የነጋዴው ትርፍም ሆነ ኪሣራ የሚወሰነው ደሴ ላይ ሲሸጥ ሳይሆን፣ እዚሁ ዋጋ በሚሰጥበት ሰዓት ነው።

ለምሳሌ ያህል 120,000 ብር የያዘ አንድ ነጋዴ እናስብ። ለበዓሉ አንድ በግ ደሴ ላይ 12,000 ብር ያወጣል ብሎ ገምቷል። ለመኪና፣ ለድርቆሽ፣ ለጠባቂ፣ ለደላላና ለኮቴ በበግ 700 ብር ያወጣል፤ 700 ብርም ማትረፍ ይሻል። ስለዚህ እስከ 10,600 ብር ብገዛ አያከስረኝም ይላል።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም በግ ለበዓል አይሸጥም። ከ10ሩ በጎች 2ቱ ቢያድሩ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ገዢው ስለሚያንስ 9,000 ብር ቢያወጡ ነው እንበል። እንግዲህ 8ቱ 96,000፣ 2ቱ 18,000፣ በድምሩ 114,000 ብር ያስገኛሉ። በ10,600 የገዛ ሰው ለበጎቹ 106,000፣ ለወጪ 7,000 ብር አውጥቷልና የሚተርፈው 1,000 ብር ብቻ ነው። ያሰበውን 7,000 ብር ለማግኘት ግን ከ10,000 ብር በላይ መጥራት አልነበረበትም። ባለበጉ 10,400 ካላገኘሁ ካለ፣ እጅን ሰብስቦ ወደሚቀጥለው በግ መሄድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ገንዘቡን ሁሉ በበግ አለማሰር ነው። 12 በግ የገዛ ነጋዴ ለመኪና እንኳ ይበደራል። 10 በግ የገዛው ግን ከወጪው በኋላ 13,000 ብር ይቀርለታል። ይህም ከበዓሉ በኋላ ለሚመጡት 4 ሳምንቶች ነው፤ በሳምንት 2,500 ብር ለቤቱ ቀለብ፣ የቀረው 3,000 ብር ላደሩት በጎች ድርቆሽ ይሆናል። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ያደረውን በግ በማግስቱ በተገኘው ዋጋ ይጥላል፤ ያለው ግን ዋጋ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ርካሽ በግ ሲያገኝም ይገዛል።

ነገሩ መበላሸቱ የሚታወቀው ዓርብ ማታ ነው። ከ10ሩ 6 ያህሉ ካልተሸጡ ቅዳሜ ጧት ዋጋውን ወደ 11,000 ማውረድ ይገባል። ቅዳሜ የሚጣለው 1,000 ብር፣ ከፋሲካ በኋላ ከሚጣለው 3,000 ይቀላልና።

በወሎ ደግሞ ዓረፋም የበግ ገበያ ያነሣል። ይሁን እንጂ ዓረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚቀድም፣ በሁለቱ በዓላት መካከል ያለው ጊዜ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት መጠባበቂያ ለዘንድሮ ይበቃል ብሎ ከመተማመን፣ ሳምንቶቹን እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል።