በሁለት ኮለን መሃል ሦስት መኪና

ከሥሩ መኪና ማቆሚያ፣ ከላዩ አፓርታማ የሚሆን ሕንፃ ሲታቀድ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሳሎኑ ስፋት ነው። ኮለኖቹ የት ይቁሙ የሚለውን ግን ከታች፣ ከመኪናው መጀመር ይሻላል። ሳሎን በግማሽ ሜትር ቢጠብ ሶፋ ይቀየራል፤ መኪና ማቆሚያ ከጠበበ በር አይከፈትም።

ወርዱ 16፣ ርዝመቱ 24 ሜትር የሆነ ሕንፃ እንውሰድ። ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር እንስጥ፤ በግራና በቀኝ በተደረደሩት መኪኖች መሃል 6 ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። ኮለኖቹን በመኝታ ቤት ልክ በየ4 ሜትሩ ብንተክላቸው፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኮለን ከነልስኑ 44 ስለሚሆን በመሃል 3.56 ሜትር ብቻ እናገኛለን። ይህ ለአንድ መኪና ይተርፋል፣ ለሁለት አይበቃም። በሁለቱም ወገን ተደምሮ 12 መኪና ይገባል። ርቀቱን 8 ሜትር ስናደርገው ግን 7.56 ሜትር ይገኛል፤ በየመሃሉ ሦስት፣ በጠቅላላው 18 መኪና ይቆማል። ላይም 8 ሜትሩ 4.5 ሜትር ሳሎንና 3.2 ሜትር መኝታ ቤት ከነግድግዳቸው ይይዛል። ለሁለት መኪና ተብሎ የሚመረጠው 5.5 ሜትር ለእኔ አይጥመኝም፤ ለአንድ ሳሎን ይሰፋል፣ ለሁለት መኝታ ቤት ይጠባል።

በወርዱ በኩል ደግሞ ኮለኑ ከመተላለፊያው ጠርዝ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ የሚታጠፍ መኪና ይፍቀዋል። ርቀቶቹ 4.2፣ 7.6 እና 4.2 ሜትር ይሆናሉ። የዳሮቹ 4.2 ሜትሮች መስኮት ለሚፈልጉት ክፍሎች ይውላሉ። መሃሉ ላይ 1.6 ሜትር ኮሪደር ይወጣና በየጎኑ የሚተርፈው 3 ሜትር ለመግቢያ፣ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ይበቃል። ኮለኑም በሁለቱ መሃል ባለው ግድግዳ ውስጥ ይደበቃል።

ርቀቱ ሲሰፋ ግን ቢሙ ይወፍራል፤ ለ8 ሜትር ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር መጠበቅ ነው። ከወለል ወለል 3 ሜትር ከሆነ ከቢሙ ሥር የሚቀረው 2.35 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ የላዩ መጸዳጃ ቤት የፍሳሽ ቱቦ ከነተዳፋቱ ሲሰቀል ከፍ ያለ መኪና ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ግራውንዱን ወደ 3.5 ሜትር ከፍ ማድረግ፣ ቁልቁል የሚወርዱትን ቱቦዎችም ከኮለን ጎን ማስጠጋት ያስፈልጋል።

አንዳንዱ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ርቀት ይመርጥና የላዩን ኮለን ቢም ላይ ያሳርፋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ቢም ከላዩ ያሉትን ፎቆች ሁሉ ሊሸከም ነው፣ ኮንክሪቱም ፌሮውም ይበዛል። ከታች ግድግዳ ስለሌለ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣም ሕንፃው የሚጎዳው እዚያው ላይ ነው። ፕላን ከመፈረም በፊት የግራውንዱንና የአንደኛ ፎቁን ወረቀት ደራርቦ ወደ ብርሃን ማየት በቂ ነው፤ ከላይ ብቻ የሚታይ ኮለን ካለ ኢንጂነሩ ጭነቱ በየት እንደሚወርድ ያስረዳ።