የተሳበ ሞላ ሲለቀቅ፦ እኩልታውን በላፕላስ ዘዴ መፍታት

1 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ከሞላ ጫፍ ጋር ተያይዟል። ከሚያርፍበት ቦታ 10 ሳንቲ ሜትር ስበን፣ ሳንገፋው እንለቀዋለን። በውስጡ ዘይት ያለው ዳምፐር ደግሞ እንቅስቃሴውን ያቀዘቅዘዋል። ብረቱ ከተለቀቀ በኋላ በየሰከንዱ የት ይገኛል?

ሞላው ብረቱ በራቀ መጠን ወደ ማረፊያው ይጎትተዋል፤ ዳምፐሩ ብረቱ በፈጠነ መጠን ይቃወመዋል። የሞላው ጥንካሬ በሜትር 5 ኒውተን፣ የዳምፐሩ ቁጥር 2 ቢሆን፣ ርቀቱን በሳንቲ ሜትር ስንለካ እኩልታው ይህ ነው፦

x″ + 2x′ + 5x = 0፣ x(0) = 10፣ x′(0) = 0

x′ ፍጥነት፣ x″ ሽምጠት ነው። በፈረንሳዊው ፒየር ሲሞን ላፕላስ (1749–1827) ስም የሚጠራው ትራንስፎርም እነዚህን ወደ ተራ አልጀብራ ይቀይራቸዋል። የጊዜ ቀመር የነበረው x(t) የ s ቀመር፣ X፣ ይሆናል፦

x′ → sX − x(0)
x″ → s²X − s·x(0) − x′(0)

መነሻ ሁኔታዎቹ ገና ከመጀመሪያው እንደሚገቡ ልብ ይበሉ። ቁጥሮቹን ስንተካ፦

(s²X − 10s) + 2(sX − 10) + 5X = 0
X = (10s + 20) / (s² + 2s + 5)

አሁን ወደ ጊዜ እንመለስ። ታችኛው ክፍል (s + 1)² + 4 ተብሎ ይጻፋል። ላይኛውንም በ s + 1 ስናደራጀው 10(s + 1) + 10 ይሆናል። በላፕላስ ሠንጠረዥ (s + 1)/((s + 1)² + 4) የሚመልሰው e⁻ᵗcos 2t ነው፤ 2/((s + 1)² + 4) ደግሞ e⁻ᵗsin 2t። የቀረው 10 አምስት ጊዜ 2 ስለሆነ፦

x(t) = e⁻ᵗ(10 cos 2t + 5 sin 2t)

ኮሳይንና ሳይን ብረቱን ያወዛውዙታል፤ e⁻ᵗ ውዝዋዜውን ያሳንሰዋል። በ1.57 ሰከንድ ብረቱ ማረፊያውን አልፎ በተቃራኒው በኩል 2.1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። በ3.14 ሰከንድ ወደተለቀቀበት ወገን ሲመለስ ግን 0.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። የዳምፐሩ ቁጥር 4.47 ገደማ ቢደርስ ኖሮ ውዝዋዜው ጨርሶ ይጠፋ ነበር። ብረቱ በዳምፐር ፋንታ ደረቅ ወለል ላይ ቢንሸራተት ደግሞ ሰበቃው ከፍጥነቱ ጋር ስለማይመጣጠን ይህ እኩልታ አይገልጸውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የዳምፐሩን መነሻ፣ ማለትም 2 × 10ን፣ በመርሳት ነው። ያኔ መልሱ e⁻ᵗ(10 cos 2t − 5 sin 2t) ይሆናል። t = 0 ሲሆን ይህም 10 ስለሚሰጥ ትክክል ይመስላል። የመነሻ ፍጥነቱ ሲሰላ ግን −20 ይወጣል፤ እኛ ደግሞ ብረቱን የለቀቅነው ሳንገፋ ነው። ስለዚህ መልስ ሲፈተሽ ቦታውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ፍጥነቱም መሰላት አለበት።