በገጽና በገጽ መካከል የሚጠፋው መዝገብ

በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ትዕዛዞቹን በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፣ ሒሳቡን ግን የሚሠራው በሌላ ፕሮግራም ነው እንበል። ሁለቱ እንዲስማሙ ትዕዛዞቹ ከሰርቨሩ ወደ ሒሳብ ፕሮግራሙ መቀዳት አለባቸው። ፕሮግራመሮች ይህን ሥራ ሲንክ ይሉታል። ሰርቨሩ ግን ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያፈስም፤ በትንሽ በትንሹ ነው የሚሰጠው። የክፍያ አገልግሎቱ ስትራይፕም ሆነ የፕሮግራመሮች መናኸሪያ የሆነው ጊትሃብ በአንድ ጥያቄ የሚሰጡት ቢበዛ 100 መዝገብ ነው። ሱቁ 200,000 ትዕዛዝ ካለው 2,000 ጊዜ መጠየቅ ግድ ነው ማለት ነው። አንዱ ጥያቄ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ ሥራው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል።

በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሱቁ አይዘጋም። ደንበኛ አዲስ ያዛል፣ ሌላው ይሰርዛል፣ ሠራተኛው አድራሻ ያስተካክላል። ቀጂው ፕሮግራም ገጽ በገጽ ሲሄድ የሚያነበው ዝርዝር ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ብዙ አገልግሎቶች ሲጀምሩ የሚሰጡት የገጽ ቁጥር ወይም ኦፍሴት ነው። ትርጉሙ «ከመጀመሪያው ይህን ያህል ዝለልና ቀጥለው ያሉትን ስጠኝ» ነው። ነገሩን ቀርቦ ለማየት ገጹን ወደ ሦስት መዝገብ ማሳነስ ይበቃል። ትዕዛዞቹ ከ101 ጀምሮ በቁጥራቸው ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ 101ን፣ 102ን እና 103ን አመጣ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመሄዱ በፊት የትዕዛዝ 102 ባለቤት ሐሳቡን ለወጠና ትዕዛዙ ተሰረዘ። አሁን ዝርዝሩ 101፣ 103፣ 104፣ 105፣ 106፣ 107 እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ «ሦስት ዝለል» ሲል ሰርቨሩ በታማኝነት 101ን፣ 103ን እና 104ን ዘልሎ 105ን፣ 106ን እና 107ን ይሰጠዋል። ትዕዛዝ 104 አልተሰረዘም፣ አልተበላሸም፤ ነገር ግን ማንም አላነበበውም።

የስሕተት መልእክት የለም። ሰርቨሩ የተጠየቀውን መልሷል፣ ፕሮግራሙም የተሰጠውን ተቀብሏል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊት አንድ ሰው ሲወጣ ሁሉም አንድ እርምጃ ወደፊት እንደሚጠጋ ሁሉ፣ «አራተኛው» የሚባለው ሰውም ሌላ ሰው ሆኗል። ኦፍሴት የሚቆጥረው ቦታን እንጂ መዝገብን አይደለም።

ዝርዝሩ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ሲደረደር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። አዲስ ትዕዛዝ ከላይ ሲገባ ሁሉም ወደታች ይገፋል፤ ስለዚህ በአንደኛው ገጽ መጨረሻ የታየው መዝገብ በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ እንደገና ብቅ ይላል። ትዊተር በየሰከንዱ አዲስ ጽሑፍ ከላይ የሚጨመርበት ስለነበር፣ ለፕሮግራመሮች ባወጣው መመሪያ የገጽ ቁጥሩን ትተው በጽሑፉ መለያ ቁጥር እንዲሄዱ ይመክር ነበር። ለዚህም `max_id` እና `since_id` የሚባሉ መለኪያዎችን አዘጋጅቶ ነበር።

ከሁለቱ ድግግሞሹ ይሻላል። ድጋሚ የመጣ መዝገብ በመለያው ይታወቃል፤ በቀድሞው ላይ ይጻፍና ነገሩ ያበቃል። ያመለጠው ግን ምንም ምልክት አይተውም። እንዲያውም ድግግሞሽ ማየት እንደ ማስጠንቀቂያ ሊቆጠር ይገባል፤ ዝርዝሩ በንባብ መሐል እየተንሸራተተ መሆኑን ይናገራልና፣ ወደታች የሚገፋ ዝርዝር ወደላይም ሊሳብ ይችላል። ተደጋጋሚውን ዝም ብሎ ጥሎ የሚያልፍ ፕሮግራም ይህን ብቸኛ ምልክት አብሮ ይጥለዋል።

መንሸራተቱን የሚያመጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰው አይደለም። ፕሮግራሙ ራሱ የሚያመጣበት አንድ የተለመደ አጋጣሚ አለ። 1,000 ያልተሠራባቸው ትዕዛዞች አሉ። ፕሮግራሙ «ያልተሠራባቸውን» ብሎ 100 ያመጣል፣ ይሠራቸዋል፣ «ተሠርቷል» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ከዚያ «100 ዝለል» ብሎ ሁለተኛውን ገጽ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ 100 ግን ምልክት ስለተደረገባቸው ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስለዚህ አሁን የሚዘለሉት ገና ያልተነኩ ሌሎች 100 ናቸው። እንዲህ እያለ አምስት ገጽ ሠርቶ በስድስተኛው «500 ዝለል» ሲል የቀሩት በትክክል 500 ብቻ ስለሆኑ ባዶ ገጽ ይመለስለታል። ፕሮግራሙ ጨረስኩ ብሎ ያርፋል፤ ግማሹ ሥራ ግን አልተነካም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምንም ሳይዘልሉ ባዶ እስኪመጣ ድረስ የመጀመሪያውን ገጽ ደጋግሞ መጠየቅ። ሊሠራ የማይቻል ትዕዛዝ ካለ ግን «አልተሳካም» የሚል ምልክት አግኝቶ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ያው ገጽ ማለቂያ የለውም።

ከርሰር የሚባለው ሁለተኛው መንገድ ጥያቄውን ይለውጠዋል። «ይህን ያህል ዝለል» በማለት ፈንታ «ከዚህኛው ቀጥለው ያሉትን ስጠኝ» ይላል። በላይኛው ምሳሌ ፕሮግራሙ «ከ103 በኋላ» ቢል ኖሮ፣ 102 ቢሰረዝም ባይሰረዝም መልሱ 104፣ 105 እና 106 ይሆን ነበር። ለዳታቤዙም ሥራ ይቀልለታል፤ 150,000 ዝለል የተባለ ዳታቤዝ እነዚያን 150,000 ረድፎች አንድ በአንድ አልፎ ከዚያ ይጥላቸዋል፤ ከርሰር የተሰጠው ግን በማውጫው በኩል በቀጥታ ቦታው ላይ ይደርሳል።

የአማርኛ ዊኪፔዲያ ይህን በገሃድ ያሳያል። የጽሑፎቹን ሁሉ ርዕስ ለማግኘት የሚከተለውን አድራሻ በማንኛውም ብራውዘር መክፈት ይቻላል።

```
https://am.wikipedia.org/w/api.php?action=query&list=allpages&aplimit=500&format=json&formatversion=2
```

500 ርዕሶች ይመጣሉ፤ ከእነሱ ጋር `apcontinue` የሚባል አንድ ዋጋ አለ። ይህ የገጽ ቁጥር አይደለም፤ በቀጣዩ ጥያቄ መጀመሪያ የሚመጣው ጽሑፍ ርዕስ ነው። ዋጋው ለምሳሌ «ላሊበላ» ቢሆን ቀጣዩ ጥያቄ ከ«ላሊበላ» ጀምሮ ወደፊት ይሄዳል። በመሐሉ ያ ጽሑፍ ራሱ ቢሰረዝ እንኳ ችግር የለም፤ ሰርቨሩ በፊደል ቅደም ተከተል ከዚያ ቃል ቀጥሎ ያለውን ይፈልጋልና።

እዚህ ላይ የከርሰር ድክመትም ይታያል። ንባቡ «ላሊበላ»ን ካለፈ በኋላ በ«ወ» የሚጀምር አንድ ጽሑፍ በ«ሀ» የሚጀምር አዲስ ርዕስ ቢሰጠውና በአሮጌው ቦታ መጠቆሚያ ባይቀር፣ ንባቡ ሳያገኘው ያልፋል። ከርሰር አስተማማኝ የሚሆነው መደርደሪያው የማይለወጥ ነገር ሲሆን ነው፤ መለያ ቁጥር ወይም የተፈጠረበት ጊዜ ይመረጣል። ለዊኪፔዲያ የሚበጀው ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን መያዝና፣ ከጨረሱ በኋላ ከዚያ ሰዓት ወዲህ የተደረጉትን ለውጦች `recentchanges` ከሚባለው ዝርዝር ማንበብ ነው። የተሰረዘውም ርዕሱ የተለወጠውም እዚያ ተመዝግቦ ይገኛል።

ሲንኩ ተለውጦ የተስተካከለውንም ማምጣት ካለበት «የተሻሻለበት ጊዜ» የሚለውን ዓምድ መደርደሪያ ማድረግ አይቀርም። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ሱቁ በአንድ ትእዛዝ የ300 ትዕዛዞችን ሁኔታ ቢለውጥ 300ዎቹም ያው አንድ ሰዓት ይይዛሉ። ገጹ 100 ይዞ ሲያልቅ «ከ10:15:00 በኋላ» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም የቀሩትን 200 ይዘላቸዋል። «ከ10:15:00 ጀምሮ» ቢል ደግሞ ያንኑ 100 መልሶ መላልሶ ያመጣና ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሰዓቱ ላይ መለያ ቁጥሩ ይጨመራል፦

```
SELECT id, updated_at, total
FROM orders
WHERE (updated_at, id) > ('2025-03-04 10:15:00', 48213)
ORDER BY updated_at, id
LIMIT 100;
```

ሰዓታቸው አንድ ከሆነ መለያ ቁጥራቸው ይለያቸዋል፤ ሁለት መዝገቦች አንድ ቦታ ላይ ሊቆሙ አይችሉም።

ይህም ሆኖ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ዳታቤዝ ላይ አንድ ለውጥ 10:15:00 የሚል ሰዓት ይዞ ይጀምርና ጸድቆ ለሌሎች የሚታየው 10:15:04 ላይ ሊሆን ይችላል። ቀጂው በ10:15:02 መጥቶ ያለውን አንብቦ ከርሰሩን ወደ 10:15:01 ካራመደ፣ ያ የዘገየው መዝገብ በኋላ ሲወጣ ከከርሰሩ ጀርባ ነው የሚወጣው። ወደኋላ የሚመለከተው የለም። ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ስለዚህ እያንዳንዱን ሲንክ የሚጀምሩት ካለፈው ከርሰር ጥቂት ደቂቃ ወደኋላ ተመልሰው ነው። የተደገመው መዝገብ በመለያው ተለይቶ በቀድሞው ላይ ይጻፋል። ጥቂት ገጾችን ደግሞ ማንበብ ዋጋው ትንሽ ነው።

ከርሰሩን ማስቀመጥም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ገጹ በራስ ዳታቤዝ ላይ ይጻፋል፣ ከርሰሩ የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢቻል በአንድ ላይ። ተገላቢጦሽ ከሆነና በመሐሉ መብራት ቢጠፋ፣ ፕሮግራሙ ሲነሣ ያልጻፈውን ገጽ እንደጻፈው ቆጥሮ ይቀጥላል።

የተሰረዘ መዝገብ ግን በማንኛውም ከርሰር አይታይም፤ የሌለ ነገር በዝርዝር ውስጥ አይመጣም። አገልግሎቱ የተሰረዘውን «ተሰርዟል» ብሎ የሚያሳውቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነ በተወሰነ ጊዜ የሁለቱን ወገን መለያ ቁጥሮች ብቻ አውጥቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጠቅላላ ብዛትን ማነጻጸር አይበቃም፤ አንድ ያመለጠና አንድ መሰረዝ የነበረበት ተጣፍተው ድምሩን እኩል ሊያደርጉት ይችላሉ።

የጉግል ካላንደር አሠራር ከዚህ አንጻር በደንብ የታሰበበት ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ንባብ ሲያልቅ የመጨረሻው ገጽ ላይ `nextSyncToken` የሚባል ምልክት ይሰጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱን ይዞ ለመጣ ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብቻ ይመለስለታል፤ የተሰረዙ ቀጠሮዎችም `cancelled` ተብለው ይመጣሉ። ምልክቱ ግን ለዘላለም አይሠራም። ጊዜው ሲያልፍበት ሰርቨሩ `410` ብሎ ይመልሳል፤ ያኔ ፕሮግራሙ ያከማቸውን አጥፍቶ ሙሉውን ንባብ ከዜሮ እንዲጀምር ይጠበቅበታል። ይህን መልስ እንደ ማንኛውም የኔትወርክ ብልሽት ቆጥሮ ያንኑ ምልክት ደጋግሞ የሚልክ ፕሮግራም ከዚያ ቀን በኋላ አንድም አዲስ ቀጠሮ አያመጣም።