ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚይዝ የጉዞ ሕመም

ተጫዋቹ ደህና ሆኖ ተመልካቹ የሚታመምበት ጨዋታ አለ። ታናሽየው ማውሱን ይዞ በጠባብ ኮሪደር ውስጥ እየሮጠ ይተኩሳል። ከኋላው ቆሞ የሚያየው ታላቅ ወንድሙ ግን ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ያዛጋዋል፤ አፉ ምራቅ ይሞላል፣ ግንባሩን ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ሆዱም ይገላበጣል። በልቶት የመጣው ምሳ ያስታመመው ሊመስለው ይችላል፤ ምሳው ግን ጥፋት የለበትም።

እንዲህ የሚያደርጉት በአብዛኛው ካሜራው በገጸ ባሕሪው ዓይን ቦታ የተተከለባቸው ጨዋታዎች ናቸው። ተጫዋቹ ጀግናውን ከውጭ አያየውም፤ ጀግናው የሚያየውን ነው የሚያየው። «ዉልፍንስታይን 3ዲ» በ1992፣ «ዱም» ደግሞ በ1993 (ሁሉም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህን አጨዋወት ለብዙ ሰው ካስተዋወቁ ወዲህ ማቅለሽለሹም አብሮ ኖሯል።

ምክንያቱ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። ከመስሚያው ክፍል ጎን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ጠማማ ቱቦዎች አሉ፤ ራሳችን ሲዞር ይነግሩናል። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች የተሸከሙ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ ወደ ፊት መገፋታችንንና ማዘንበላችንን የሚለዩት እነሱ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ አካል የሚሰማው የፍጥነት ለውጥን ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞ የሚሄድን ነገር ከቆመ ነገር አይለየውም። ዓይን በበኩሉ በቀላሉ ይታለላል። ቆሞ ያለ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ጎናችን የቆመው ሲንቀሳቀስ የእኛው የሄደ መስሎን የምንደነግጠው ለዚህ ነው።

መኪና የሚያመው ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲያነብ ዓይኑ «ቆመሃል» ይለዋል፤ ጆሮው ደግሞ «እየተናጥህ ነው» ይለዋል። ጨዋታው ይህንኑ ገልብጦ ያመጣዋል፤ ዓይን ይሮጣል፣ ጆሮ ተቀምጧል። በሁለት የስሜት ሕዋሳት መካከል ያለው ይህ ክርክር ነው ሕመሙን የሚቀሰቅሰው የሚለው ማብራሪያ ዛሬ በሰፊው ተቀባይነት አለው። የሁለቱም ጆሮዎቻቸው የሚዛን አካል የማይሠራ ሰዎች የጉዞ ሕመም እምብዛም የማይዛቸው መሆኑም ይደግፈዋል። ክርክሩ ለምን ሆድን እንደሚነካ ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። ሚሼል ትሬይስማን በ1977 ባቀረበው ግምት፣ ዓይንና ጆሮ ሲጣረሱ አእምሮ መርዝ የተበላ መስሎት ሆድን ባዶ ሊያደርግ ይሞክራል። ግምቱ ያምራል፤ ማረጋገጥ ግን ቀላል አይደለም።

ታዲያ ታናሽየው ለምን ዳነ? የሚመጣውን ስለሚያውቅ ነው። እጁ ማውሱን ወደ ግራ ሲገፋ አእምሮው መዞሩን አስቀድሞ ይጠብቀዋል። ተመልካቹ ግን ሳያስበው ነው የሚወሰደው። ሹፌር እምብዛም የማያመው፣ ተሳፋሪው የሚያመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚታመመው ሰው መሪውን ይያዝ፣ ወይም ስክሪኑን አይመልከት።

ስክሪን ላይ ከሚስተካከሉት ነገሮች ትልቁ የእይታ ስፋት ነው፤ ማለትም ጨዋታው የዓለሙን ስንት ዲግሪ በአንድ ጊዜ ያሳያል የሚለው። «ሃፍ-ላይፍ 2»ን እንውሰድ። በ2004 ሲወጣ የእይታ ስፋቱ 75 ዲግሪ ነበር፤ በተለይ የጀልባው ክፍል ብዙ ተጫዋቾችን አጥወልውሏል። ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌቪዥን ከ2.5 ሜትር ላይ ሲታይ ከዓይናችን እይታ የሚይዘው 27 ዲግሪ ያህል ነው። ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮምፒውተር ስክሪን ከ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲታይ ግን 53 ዲግሪ ይይዛል፤ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ለሶፋ ታስቦ የተጠበበ እይታ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ በአጉሊ መነጽር እንደማየት ይሆናል። እጅ ትንሽ ስትነቃነቅ የዓይናችንን ትልቅ ክፍል ጠርጎ የሚያልፍ ምስል ይመጣል። ብዙ ሰዎች ስፋቱን ወደ 90 ሲያሳድጉ ይቀላቸዋል። በዚህ ጨዋታ ኮንሶሉን ከፍቶ የሚከተለውን መጻፍ ይበቃል፦

```
fov_desired 90
```

በሌሎች ጨዋታዎች ይህ ከምርጫዎቹ መካከል ይገኛል። ስፋቱን ከልክ በላይ ማሳደግም ጠርዞቹን ይለጥጣቸዋልና ቀስ እያሉ መሞከር ይሻላል። ገጸ ባሕሪው ሲራመድ ካሜራውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውንና ምስሉን ሆን ብሎ የሚያደበዝዘውን አማራጭ ማጥፋት፣ ከስክሪኑ ትንሽ ራቅ ማለት፣ የክፍሉንም መብራት አለማጥፋት ይረዳል። መብራቱ ከበራ የማይንቀሳቀሰው ግድግዳ በዓይን ዳር ይታያል፤ አእምሮም የሚደገፍበት ነገር ያገኛል።

ቪአር የሚባለው በራስ ላይ የሚታሰር መነጽር ይህን ግድግዳ ይወስደዋል። ያኔ የመሣሪያው ጉድለት ሁሉ ሰውነት ላይ ይወርዳል። በ2013 የወጣው የኦኩለስ የመጀመሪያው የገንቢዎች መነጽር ራስ ሲዞር ያውቅ ነበር፤ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ዓለሙ ሁሉ አብሮ ያጎነብስ ነበር። ምስሉም በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ነበር የሚታደሰው። በ2016 ለገበያ የቀረበው የዚያው ድርጅት «ሪፍት» የራስን ቦታ ይከታተላል፣ በሰከንድም 90 ጊዜ ያድሳል። ራስ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ምስሉ በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ መከተል አለበት የሚለውም የሙያው መለኪያ ሆነ። ዛሬ ጥሩ መነጽር አድርጎ ክፍል ውስጥ በእግሩ የሚራመድ ሰው እምብዛም አይታመምም፤ ዓይኑ የሚያየውን ጆሮውም ይመሰክራልና።

ጣጣው የሚመጣው በአውራ ጣት መራመድ ሲጀመር ነው። እግር ቆሞ ዓይን ሲሄድ የድሮው ክርክር ይመለሳል፤ ከሁሉ የከፋውም በዝግታ መዞር ነው። በ2020 የወጣው «ሃፍ-ላይፍ፦ አሊክስ» ለዚህ መላ አበጀ። ተጫዋቹ መድረስ የሚፈልግበትን ቦታ ያመለክታል፤ ከዚያም ምስሉ ተቋርጦ እዚያው ይገኛል። መዞርም ቢሆን በአንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በ45 ዲግሪ ዘሎ ይሆናል። በመሃል የሚፈስ ምስል ስለሌለ ዓይን «እየሄድኩ ነው» የሚልበት ጊዜ አያገኝም። እንደዚያ መዝለል የጨዋታውን ለዛ ይነጥቃል የሚሉ አሉ፤ እኔም በከፊል እስማማለሁ። ለእነሱ ሌላ መንገድ አለ፦ ሲሄዱ የእይታው ዳር እንዲጨልም ማድረግ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ፈርናንዴስና ፋይነር በ2016 እንዳሳዩት ጨለማው በዝግታ ከመጣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ሕመሙ ይቀንሳል።

መነጽሩን ሲገዙ ወይም ሲዋሱ የሚረሳ ነገር ደግሞ የሌንሶቹ ርቀት ነው። የአዋቂ ሰው ሁለት ብሌኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከዚህ ብዙ የሚለይ ሰው ሳያስተካክል ቢያየው ዓይኑ ይደክማል፣ ራሱንም ያመዋል።

ሰውነት ቀስ በቀስ ይለምዳል። የሚለምደው ግን ጥርስ ነክሶ በመቆየት አይደለም። ማዛጋቱ ወይም ምራቁ እንደመጣ ወዲያው ማቆም፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ለአጭር ጊዜ መሞከር ነው የሚያዋጣው። ሕመሙ ከበረታ በኋላ መነጽሩን ማውለቅ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዳገዱ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የበረራ ማስመሰያ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ሕመም እንደሚያመጡ ከ1957 ጀምሮ ተመዝግቧል፤ በአሜሪካ ጦር ውስጥም አንዳንድ ክፍሎች ከመሣሪያው የወረደ አብራሪ ወዲያውኑ እንዳይበር ይከለክሉ ነበር። ቪአር ተጫውቶ ራሱን የዞረው ሰውም እስኪረጋጋ ድረስ መኪና ባይነዳ ይሻለዋል።