የዘገየ ኬክና የይቅርታው ጽሑፍ

ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው እንበል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ኬክ ቤት የሃምሳ ሰው ትዕዛዝ ተቀብሏል፤ የሚያደርሱት ሦስት ሞተረኞች ናቸው። በአዘቦት ቀን አንድ ሞተረኛ በሰዓት ሁለት ቦታ ይደርሳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ሲሰላ ሃምሳው በቂ ጊዜ አለው። የዋዜማ መንገድ ግን እንደ አዘቦቱ አይደለም። በግ የሚጎትተው፣ ቄጤማና አደይ አበባ የሚሸጠው፣ የመጨረሻ ገበያውን የሚገበየው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ነው። ሞተረኛው በሰዓት አንድ ቦታ ብቻ ይደርሳል።

ባለቤቷ ይህን የምታውቀው ማምሻውን ስልክ ሲጨናነቅ መሆን የለበትም። 5 ሰዓት ላይ ቆጥራ አሥራ ሁለት መድረስ ሲገባቸው ስድስት ብቻ ከደረሱ፣ የቀረው ቀን እንዴት እንደሚሆን ከወዲሁ ታውቋል። የይቅርታው ጽሑፍ ሰዓቱ ያኔ ነው። ያን ጊዜ ደንበኛው ሌላ ኬክ ቤት መሄድ፣ ወይም ልጁን ልኮ ማስመጣት ይችላል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የወጣ ይቅርታ የቱንም ያህል ቢያምር ይህን ዕድል አይመልስለትም።

ከመጻፍ በፊት ግን ሂሳቡ ይቀድማል። የቀሩት አርባ አራት ናቸው። ባለቤቷ ሁለት ታክሲ በኮንትራት ብትይዝ በሰዓት አምስት ቦታ ይደረሳል፤ የመጨረሻው ኬክ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ይገባል ማለት ነው። ዝናብም አለ፣ አድራሻ የሚጠፋበትም አለ፤ ስለዚህ 3 ሰዓት ብላ ትጻፍ። አንዴ የዘገየ ሰው ሁለተኛውን ቀጠሮ ካፈረሰ ይቅርታውን የሚሰማው የለም።

አብዛኞቹ ድርጅቶች ከፎቶ ሥር የሚለጥፉት ካፕሽን ይህን ይመስላል፦

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።»

ቃል በቃል እንየው። «ከአቅም በላይ» የሚባለው ያልታሰበ ነገር ሲደርስ ነው፤ እንቁጣጣሽ ግን በየዓመቱ መስከረም 1 ይውላል። «ለተፈጠረው» ማለት ራሱ እንደተፈጠረ ነው፤ ማን ፈጠረው? ትዕግሥቱንም ደንበኛው ገና አልሰጠም፤ ሳይሰጥ ማመስገን ደግሞ ግዴታ እንደ መጣል ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ ኬኩ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ዛሬ ትዕዛዛችሁን በሰዓቱ ማድረስ አልቻልንም። የዋዜማውን መንገድ ሳናሰላ ብዙ ትዕዛዝ ተቀብለናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከቁጥር 1 እስከ 35 ያላችሁ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከ36 እስከ 50 ያላችሁ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይደርሳችኋል። መጠበቅ የማይመቻችሁ ከሱቃችን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ወይም ገንዘባችሁን ዛሬውኑ በቴሌብር እንመልሳለን። አዲስ ትዕዛዝ አቁመናል። ይቅርታ አድርጉልን።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋናውን ጉዳይ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢንስታግራም ረዘም ያለውን ጽሑፍ ቆርጦ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳይ፣ መግቢያው በሰላምታና በአበባ ምልክት ካለቀ መዘግየቱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው። «አዲስ ትዕዛዝ አቁመናል» የሚለው ደግሞ የይቅርታው ማረጋገጫ ነው። ይቅርታ እየጠየቀ ትዕዛዝ የሚቀበል ቤት መዘግየቱን እያበዛው ነው። «ይቅርታ አድርጉልን» ያልኩትም ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው የሚለው እሱን ስለሆነ ነው፤ መማሩን ለተበደለው ይተዋል። ፎቶውም ይታሰብበት፤ ያጌጠ ኬክ እየታየ ኬኩ ያልደረሰው ሰው ይበልጥ ይከፋዋል።

በቴሌግራም ቻናል የተለጠፈን ጽሑፍ ማረም ይቻላል፤ የታረመው ግን ለተከታዮች እንደ አዲስ መልእክት አይጠራም። ስለዚህ ሰዓቱ እንደገና ከተለወጠ አሮጌውን አርሞ ዝም ማለት አይበቃም፤ አዲስ መለጠፍ ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ በጣም የሚያሳስበኝ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው ለእናታቸው ኬክ የሚያዝዙ ብዙ ናቸው። ጽሑፉን የሚያየው የከፈለው ልጅ ነው፤ በር በሩን የምታየው ግን ቻናሉን የማታውቀው እናት ናት። ልጁም «3 ሰዓት» ሲል ያነበበውን በውጭው ሰዓት ሊቆጥረው ይችላል፤ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ቃል ቢጨመር ይህን ያስቀራል። ለእናትየው ግን ስልክ መደወል ነው። ቀጠሯቸው ያለፈባቸውን ሁሉ እንዲሁ፣ ጽሑፉ ከመለጠፉ በፊት፣ ከሱቁ አንድ ሰው ተቀምጦ በስማቸው ጠርቶ ያነጋግራቸው።